«ፈርማለች እኮ»፦ በግል መረጃ ጥበቃ ፈቃድ ምንድን ነው?

በቅርቡ ደሴ ላይ ስለ ቁጠባና ብድር ማኅበራት የመረጃ አያያዝ ስንወያይ፣ አንድ ተናጋሪ «አባሏ ቅጹ ላይ ፈርማለች፤ ስለዚህ ስልኳን ለፈለግነው ጉዳይ ማዋል እንችላለን» አሉ። የማኅበራትን የመረጃ ቋት በማስተዳደር ሥራዬ ይህን አባባል ከብዙ አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰሚው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ስለሚቀበለው ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ፈቃድ የሚሰጠው ለመረጃው ሳይሆን መረጃው ለሚውልበት ሥራ ነው። አንድ የኩታበር ገበሬ በቅሎውን ለጎረቤቱ ለሠርግ ቢያውስና ተዋሹ ከሠርጉ በኋላ የወፍጮ ድንጋይ ቢጭንባት፣ «አውሰኸኝ የለም ወይ?» የሚለው መልስ በሽማግሌ ፊት አይቆምም። የተዋሰው ለሠርግ ነውና ውሰቱ ከሠርጉ ጋር ያበቃል። የዓላማ ገደብ የሚባለው መርህ ይህ ነው፤ መረጃ ሲሰበሰብ ለተነገረው ዓላማ ብቻ ይውላል፣ ከዚያ ጋር የማይስማማ አዲስ ሥራ ከመጣ አዲስ መሠረት ይጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ሲወጣ ይህንኑ መርህ አካቷል።

የተናጋሪው ስህተት ሌላም ሥር አለው። ማኅበሩ የአባሏን ቁጠባ ለመመዝገብና ብድሯን ለማስላት ፈቃዷ አያስፈልገውም፤ የገባችው ውል ይበቃል። ፈቃድ የሚጠየቀው እምቢ ማለት ለሚቻልበት ነገር ነው። ለምሳሌ ስልኳን ለዕቃ ሻጭ ለማስተላለፍ ማኅበሩ በሌላ ነጥብ፣ በሌላ ፊርማ ሊጠይቃት ይችላል፤ እምቢ ብትልም አባልነቷና ብድሯ ሊነካ አይገባም። ሁለቱን በአንድ ፊርማ ያሰረ ቅጽ በነፃነት የተሰጠ ፈቃድ አላገኘም። ብድሩን ፈልጋ የመጣች ሴት ያንን ወረቀት ላለመፈረም ምርጫ አልነበራትምና።

አሁን ይህች አባል ብድሯን ጨርሳ፣ ቁጠባዋን ወስዳ ለቀቀች እንበል። «ስለ እኔ ያላችሁትን ሁሉ ሰርዙልኝ» ብላ ብታመለክት ማኅበሩ ምን ያድርግ? የማስሰረዝ መብት ሁሉን ጠራርጎ የሚወስድ መብት አይደለም። የገንዘብ መዝገቡ፣ ማለትም የሂሳብ ቁጥሯ፣ ስሟ፣ ያስገባችውና የወሰደችው ገንዘብ፣ በሕግ እስከተወሰነው የማቆያ ጊዜ ይቆያል፤ ያለዚያ የኦዲተሩ ድምር አይገጥምም። ስልኳ፣ የመታወቂያዋ ቅጂና የወራሿ ስም ግን ከአባልነቱ ጋር ዓላማቸው አልቋልና ይጠፋሉ። የወራሿን ስም ብዙዎች ይረሱታል፤ እሱ እኮ ምንም ያልፈረመ ሌላ ሰው ነው።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይህ ነው፦

```
UPDATE members SET active = 0 WHERE id = 412;
```

ይህ ትእዛዝ ምንም አልሰረዘም፤ አባሏን ከገጹ ላይ ብቻ ደብቋል። ስልኳ በሠንጠረዡ ውስጥ እንዳለ ስለሚቀመጥ በነጋታው ለሌላ ዝርዝር ሊወጣ ይችላል። መደረግ የነበረበት ዓላማቸው ያለቀባቸውን ዓምዶች ባዶ ማድረግ ነው፦

```
UPDATE members SET phone = NULL, id_photo = NULL, heir = NULL WHERE id = 412;
```

ረድፉን ሙሉ በሙሉ አናጠፋውም፤ የገንዘብ መዝገቡ በዚያ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቆመው።

የበቅሎዋ ምሳሌ የሚሰበረው እዚህ ነው። በቅሎ አትራባም፤ ወደ ባለቤቷ በር ከተመለሰች ውሰቱ አለቀ። መረጃ ግን ሳይታወቅ ይራባል። ለአንድ ስብሰባ የወጣ የኤክሴል ፋይል በሠራተኛው ስልክ ላይ ይቀራል፣ አንዱ ቅጂ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ በቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ ማኅበሩ ጥያቄውን ሲቀበል በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቅጂዎቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ ዝርዝር ነው።

ሌላው ችግር የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። በየሌሊቱ የሚወሰደውን ቅጂ ከፍቶ አንዲት አባልን ማውጣት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ቅጂው በተወሰነለት ቀን በአዲስ እስኪተካ መጠበቅ ይበቃል። አደጋው የሚመጣው በመካከል ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አሮጌው ቅጂ ሲጫን ነው፤ የተሰረዘችው ሴት ከነስልኳ ትመለሳለች። ለዚህም የተሰረዙ የአባላት ቁጥሮችን ብቻ የያዘ አጭር መዝገብ ከዋናው ቋት ውጭ ይቀመጥና ከእያንዳንዱ መልሶ መጫን በኋላ ስረዛው እንደገና ይካሄዳል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የድሮ ቅጂ በሙከራ ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ፣ ስረዛውን አስኬዱና ስልክ ቁጥሯን ፈልጉ። ከተገኘ አልተሰረዘም።

ከዚያ በኋላ ለአባሏ የሚጻፈው ደብዳቤ «ተሰርዟል» ብቻ ሊል አይገባም። የጠፋውን፣ የቆየውን፣ የቆየበትን ምክንያትና ጊዜ ለይቶ ይንገራት፤ ስልኳ ቀድሞ ለሻጭ ተላልፎ ከነበረም ማኅበሩ ለሻጩ ማሳወቁን ይጨምር።