«ዓ.ም.» ሲዘረዘር፦ ስለ አማርኛ ሆሄያት የሚነገሩ ስሕተቶች

«የሆሄያቱን አጻጻፍ አካዳሚው በመዝገበ ቃላቱ ወስኖታል፣ አበቃ።»

አላበቃም። በ1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያሳተመው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» የቀድሞው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሥራ ውጤት ነው። ሞክሼ ፊደላትን፣ ማለትም ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን፣ ወደ አንድ አንድ የመሰብሰብ ሐሳብም ከዚያው ወገን ድጋፍ አግኝቷል። ግን ሐሳቡ አገር ምድሩን አላሳመነም። የትምህርት መጽሐፉ፣ ጋዜጣው፣ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፉ በየራሱ መንገድ ቀጠለ። ስለዚህ «መዝገበ ቃላቱ ምን ይላል?» ሲባል መልሱ «የቱ መዝገበ ቃላት?» ነው።

«ድምፃቸው አንድ ነው፣ የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል።»

በአማርኛ ድምፃቸው አንድ መሆኑ እውነት ነው። የቃሉ ሥር ግን አንድ ላይሆን ይችላል። በየቀኑ የምንጽፈውን «ዓ.ም.» እንዘርዝረው። «ዓመተ ምሕረት» ነው። ብዙ ሰው «አመተ ምህረት» ይለዋል።

መጀመሪያ «ዓመት»። በግእዝ በዓይኑ ዓ ሲጻፍ የዘመን ዓመት ነው። በአልፋው አ «አመት» ሲሆን ሴት አገልጋይ ማለት ነው። «አመተ ማርያም» የሚለው የክርስትና ስም የመጣው ከዚህ ነው። ቀጥሎ «ምሕረት»። ሥሩ በሐመሩ ሐ «መሐረ»፣ ይቅር አለ፣ ነው። በሀሌታው ሀ «መሀረ» ደግሞ አስተማረ ማለት ነው። መምህርና ትምህርት የመጡት ከዚህኛው ነው። እንግዲህ «አመተ ምህረት» በግእዝ ዓይን ሲታይ አገልጋይ ሴትና ትምህርትን ያጋባ ጉድ ነው።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይሠራል። አንድ ጊዜ አንድ አራሚ በጽሑፌ ውስጥ ያለውን «ትምህርት» ሁሉ «ትምሕርት» አድርጎ መለሰልኝ። ሐ ሲበዛ ሊቅ የሚያስመስል ይመስለናል መሰለኝ።

እንዲህ ያለ ክርክር ሲነሣ የምከፍተው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው። ደራሲው ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ፍጻሜ አድርሰውት በ1948 ዓ.ም. ታተመ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅደም ተከተሉ ሀ ለ ሐ መ ሳይሆን አ በ ገ ደ ነው። ሀን መጀመሪያው ገጽ ላይ ፈልጎ «የለም» ያለ ሰው አይቻለሁ፤ አምስተኛ ላይ ነበረች። ደግሞም የሚፈለገው ሥሩ ነው። «ትምህርት»ን በተ ሳይሆን በመ ሥር፣ «መሀረ» ላይ ታገኙታላችሁ።

«እንግዲያው የድሮው ምንጊዜም ልክ ነው።»

እሱም አይደለም። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት የራሳቸው መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። ርእሱ ብቻውን ትምህርት ቤት ነው። የአማርኛው «አዲስ» ከግእዙ «ሐዲስ» የመጣ በመሆኑ፣ የጉሮሮው ሐ ሲወድቅ ምትኩ ዐ ነው ብለው ጻፉት። ምክንያቱ ጠንካራ ነው፤ ግን ዛሬ «ዐዲስ አበባ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ ጥቂት ነው። «ኹሉ»ም እንደዚያው ነው። የግእዙ «ኵሉ» ከ ወደ ኸ ሲለሰልስ «ኹሉ» ይሆናል፣ ሥሩን ለሚያይ ትክክል ነው። ልማዱ ግን «ሁሉ»ን መርጧል፤ እኔም «ሁሉ» ነው የምጽፈው።

ከግእዝ ላልመጣ ቃል ደግሞ ግእዙ ምንም አይፈርድም። «ሆቴል» በየትኛው ሀ ይጻፍ ብሎ መሟገት ጊዜ ማጥፋት ነው።

«‹ያማርኛ› የፊደል ግድፈት ነው፣ ‹የአማርኛ› ነው ትክክሉ።»

ግድፈት አይደለም፣ የቆየ ሥርዓት ነው። የድሮ ጸሐፊዎች የተባለውን እንደተሰማ ይጽፉ ነበር፤ «የ» እና «አ» ሲጋጠሙ «ያ»፣ «በ» እና «አ» ሲጋጠሙ «ባ»። «ባዲስ አበባ» የሚባለው ለዚህ ነው። ያሁኑ ልማድ ቃሉ ሳይነካ እንዲታይ «የአማርኛ»፣ «በአዲስ አበባ» ይላል። (አሁን እኔም «ያሁኑ» አልኩ።)

«አንዱን ካልመረጥን ጉዳቱ ምንድን ነው? አንባቢ ይገባዋል።»

አንባቢ ይገባዋል፣ ኮምፒውተር ግን አይገባውም። «ፀሐይ»ን ውሰዱ። ለመጀመሪያው ፊደል ፀ ወይም ጸ፣ ሁለት ምርጫ አለ። ለሁለተኛው ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ፣ ስድስት። ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይወጣዋል። አንድ ሰነድ ውስጥ ሦስቱ ከተቀላቀሉ፣ ሞክሼዎቹን የማያመሳስል ፍለጋ የሚያገኘው የተተየበለትን ብቻ ነው። ስለዚህ አብረን የምንሠራበት ጽሑፍ ሲኖር መጀመሪያ የቃላት ዝርዝር እናወጣለን፦ ፀሐይ፣ ዓመት፣ ሥራ፣ ንጉሥ፣ ሕዝብ፣ ትምህርት። የግእዝ ሥር ላላቸው ኪዳነ ወልድ ይፈርዳሉ፣ ለቀሩት ቀላሉን ፊደል እንይዛለን። ከዚያ አሮጌውን አጻጻፍ እየፈለግን እንተካለን። ከሰው የተጠቀሰ ጽሑፍና የሰው ስም ግን አይነካም። ስሙን በሠ የሚጽፍን ሰው በሰ ማረም ደግሞ ሌላ ጠብ ነው።