በቡድን ገለጻ ውስጥ ቅብብል ምንድን ነው?

ቅብብል የምንለው አንዱ ተናጋሪ ሲጨርስና ሌላው ሲጀምር የሚነገሩትን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነው። ብዙ ቡድኖች ይህን ቦታ «የእኔን ክፍል በዚህ ጨርሻለሁ፤ ቀጣዩን ጓደኛዬ ያቀርባል» በሚል ይሞሉታል። ይህ ስለ ተራ ይናገራል እንጂ ስለ ጉዳዩ ምንም አይልም። አድማጩም በየተናጋሪው እንደ አዲስ ለመጀመር ይገደዳል።

አራት ተማሪዎች ስለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ፍሳሽ የመመረቂያ ሥራቸውን ሊያቀርቡ ነው እንበል። መጀመሪያ እያንዳንዳቸው ክፍላቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹን ደርድረው በመካከላቸው የትኛው ቃል እንደሚገባ ይሞክራሉ። ቡናውን ለማጠብ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ውኃው የፍሬውን ስኳር ይዞ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ስለዚህ ፍሳሹን በኩሬና በቬቲቨር ሣር ማጣራት ያሻል። አራተኛው ተማሪ ያዘጋጀው ስለ ቡና ታሪክ ከሆነ ግን ከ«እንዲሁም» በቀር የሚያያይዘው ቃል አይገኝም። እንዲህ ያለውን ክፍል ቃላት በማሳመር ማዳን አይቻልም፤ መውጣት አለበት። ቦታውን የማጣሪያው ወጪ ቢይዘው «ነገር ግን ማን ይከፍላል?» ብሎ በራሱ ይገጥማል።

ቃላቱ የሚመረጡት ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ንጹሑ ቡና ጣቢያው ውስጥ ቀረ። ስኳሩን ይዞ የወጣው ውኃስ ወዴት ሄደ?» ብሎ ያቆማል፤ መልሱን ራሱ አይሰጥም። ሁለተኛዋ «ወደ ወንዙ። እዚያ ስኳሩን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ይታፈናል» ብላ ትቀጥላለች። ስሟን አልተናገረችም፣ ሰላምታም አላቀረበችም፤ አራቱንም መጀመሪያ ላይ አንዱ አስተዋውቋቸዋል። ሁለቱን ንግግሮች የሰፋቸው ክር «ስኳር» የሚለው ቃል ነው።

ሰውነትም ይቀባበላል። በዱላ ቅብብል ተረካቢው ዱላው እጁ ሳይገባ መሮጥ ይጀምራል፤ እዚህም ተረካቢዋ ጥያቄው ሲነገር ቆማ መገኘት አለባት። ስላይዱንም ራሷ ትቀይረው፤ መልሱ ቀድሞ ከታየ ጥያቄው ይሞታል።

ልምምዱ ላይ ሙሉ ገለጻውን ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ሦስቱን መገናኛዎች ብቻ መለማመድ ይበልጣል፦ የአንዱ የመጨረሻ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ የሌላው የመጀመሪያ ሁለት። ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው እነዚህን ብቻ ሰምቶ ታሪኩን መልሶ ይናገር። የሚደናቀፍበት ቦታ ክሩ የተበጠሰበት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ሰዓት አጥሮት የሚጣደፍ ተናጋሪ ጥያቄውን ሲዘለው ወይም ፈታኝ መሐል ላይ ሲያቋርጥ ነው። ስለዚህ ተረካቢዋ የራሷን ብቻ ሳይሆን የቀደማትን ሰው የመጨረሻ ጥያቄም በቃሏ ትያዝ፤ እሱ ካልተናገረው «ስኳሩን የያዘው ውኃ ወዴት ሄደ?» ብላ ራሷ ጠይቃ ትጀምራለች።