አንድን ረጅም ጽሑፍ ወደ አጫጭር የቪዲዮ ስክሪፕቶች መከፋፈል

ከአንድ ረጅም ጽሑፍ ለቲክቶክ ወይም ለዩቲዩብ ሾርትስ ሦስት አራት ስክሪፕት ማውጣት የተለመደ ሥራ ነው። ችግሩ የሚታየው ቪዲዮዎቹ በተከታታይ ሲታዩ ነው፤ ሁሉም በአንድ መክፈቻ ይጀምራሉ።

ጽሑፍ መግቢያው አንድ ነው። ጠንካራውን ነገር ጸሐፊው እዚያ ላይ አስቀምጦታል። ጽሑፉን በየንዑስ ርዕሱ የቆራረጠ ሰው ለእያንዳንዱ ቁራጭ መክፈቻ ሲፈልግ ወደዚያው ይመለሳል። ስለዚህ ጽሑፉን በጥያቄ መቁረጥ ይሻላል፦ ይህ ቪዲዮ ብቻ የሚመልሰው ጥያቄ የቱ ነው?

የቀድሞውን የኢትዮ-ጂቡቲ ባቡር እንውሰድ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። የጽሑፉ መግቢያ "20 ዓመት የፈጀ ሐዲድ" ቢል አይገርምም። ይህን መስመር አንድ ስክሪፕት ብቻ ይውሰደው። እሱም ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ኩባንያው ከስሮ ሥራው ለዓመታት መቆሙን ይተርካል።

ሌሎቹ መክፈቻቸውን ከጽሑፉ መሀል ያውጡ። ስለ ድሬዳዋ የሚያወራው "ባቡሩ ሐረር ቢገባ ኖሮ ድሬዳዋ ላትኖር ትችል ነበር" ብሎ ይነሣል። ከዚያ ወደ ሐረር ያለው ዳገት ከባድና ውድ ስለነበር ሐዲዱ በቆላው እንዳለፈ፣ ከተማዋም እዚያ እንደተቆረቆረች ያስረዳል። ሦስተኛው ለገሃር ፊት ለፊት ከቆመው የአንበሳ ሐውልት ይጀምራል፦ "ይህ አንበሳ ሮም ውስጥም ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቆሞ ነበር።" በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተዘርፎ ተወስዶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የተመለሰው።

መፈተሻው ቀላል ነው። መክፈቻዎቹን ብቻ ለይተህ ጻፍና አለዋውጣቸው። የድሬዳዋው መክፈቻ በአንበሳው ስክሪፕት ላይ ምንም ሳይጎረብጥ ከገባ፣ የማንም አይደለም ማለት ነው። ቅርጹንም ተመልከት። ይዘታቸው ቢለያይም ሦስቱም "ታውቃላችሁ ወይ?" ብለው ከተነሡ ተመልካች አንድ ቪዲዮ ደግሞ ያየ ይመስለዋል። አንዱ በቦታ፣ አንዱ በዕቃ፣ አንዱ በቁጥር ቢጀምር ይሄ አይመጣም።

ድግግሞሽ የሚመለስበት ሌላም በር አለ፤ እሱም የኋላ ታሪኩ ነው። እያንዳንዱ ቪዲዮ ብቻውን መቆም ስላለበት "1897፣ ጂቡቲ" የሚለው በየስክሪፕቱ አናት ላይ መውጣት ይፈልጋል። ቦታው መሀል ላይ ነው፣ ያውም በግማሽ ዓረፍተ ነገር። የአንበሳው ስክሪፕት ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። "ባለፈው ክፍል እንዳየነው" ማለት ግን አያዋጣም፤ ብዙ ሰው ያለፈውን ክፍል አላየውም።

የስክሪፕቱን ብዛት የሚወስነው የጽሑፉ ርዝመት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ለአራተኛ ቪዲዮ ያጓጓል። ጽሑፉ ስለ እሱ ያለው አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ግን ስክሪፕቱ የሚሞላው ከ20 ዓመቱ ታሪክ ተበድሮ ነው። ያኔ ወይ ተጨማሪ መረጃ መሰብሰብ፣ ወይ በሦስቱ መቆም ይሻላል።