የወለድ ስዋፕ ዋጋ እንዴት ይሰላል

የወለድ ስዋፕ ሁለት ወገኖች የወለድ ክፍያ የሚለዋወጡበት ውል ነው። አንዱ በውሉ ቀን በተቆረጠ ቋሚ ተመን ይከፍላል፤ ሌላው ከገበያው ጋር በሚወጣና በሚወርድ ተመን። ዋናው ገንዘብ ለወለድ ማስያ ብቻ ያገለግላል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። በዶላር ውሎች ተለዋዋጩ ተመን ዛሬ በአብዛኛው ሶፈር ነው፤ ይህን የአንድ ሌሊት ተመን የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሥራ ቀኑ ያወጣል።

ቋሚው ተመን ሲቆረጥ የሁለቱ ክፍያዎች የዛሬ ዋጋ እኩል እንዲሆን ተደርጎ ስለሆነ ስዋፑ ሲጀመር ዋጋው ዜሮ ነው። በኋላ ገበያው ሲንቀሳቀስ ዋጋውን ለማወቅ ዋናው ገንዘብ በመጨረሻው ቀን ከሁለቱም ወገን እንደሚከፈል አድርጎ መቁጠር ይረዳል። ሁለቱ ስለሚጣፉ ውጤቱ አይለወጥም፤ እያንዳንዱ ወገን ግን እንደ ቦንድ ሊታይ ይችላል።

ዋናው 10 ሚሊዮን ዶላር፣ ቋሚው ተመን 4 በመቶ፣ ክፍያው በየዓመቱ፣ ቀሪው ጊዜ 2 ዓመት ይሁን፤ የገበያው ተመን ለሁለቱም ዓመታት 5 በመቶ ነው እንበል። ከዓመት በኋላ የሚከፈለው 400,000 ዶላር ለ1.05 ሲካፈል ዛሬ 380,952 ያወጣል። በሁለተኛው ዓመት የሚከፈለው 10,400,000 ለ1.1025 ሲካፈል 9,433,107 ይሆናል። የቋሚው ወገን ድምር 9,814,059 ነው።

ተለዋዋጩን ለማስላት የወደፊቱን ወለድ መተንበይ አያስፈልግም። ዛሬ 10 ሚሊዮን ዶላር በገበያው ተመን ያስቀመጠ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ተለዋዋጭ ወለድና በመጨረሻ ዋናውን ስለሆነ፣ አዲስ የወለድ ጊዜ በሚጀምርበት ቀን ዋጋው ልክ 10 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ ስዋፑ ለቋሚ ከፋዩ 185,941 ዶላር ትርፍ፣ ለሌላው ያንኑ ያህል ኪሳራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በወለድ ጊዜው መሐል ሲያሰላ ነው። ተመኑ ሳይለወጥ ግማሽ ዓመት ቢያልፍ ክፍያዎቹ ስለቀረቡ የቋሚው ወገን ዋጋ ወደ 10,056,418 ያድጋል። ተለዋዋጩም በየቀኑ ወለድ እየጠራቀመ 10,246,951 ደርሷል፤ ልዩነቱ 190,533 ነው። የተጠራቀመውን ዘንግቶ ተለዋዋጩን 10 ሚሊዮን ብሎ የተወ ሰው ግን ለቋሚ ከፋዩ 56,418 ዶላር ኪሳራ ያገኛል። ትርፍ ኪሳራ ሆነ ማለት ነው። ተመን ሳይነቃነቅ በክፍያ ቀኖች መካከል የስዋፑ ዋጋ ለቋሚ ከፋዩ በየቀኑ ሲወርድ ከታየ መጀመሪያ መመርመር ያለበት ይህ ነው።

የወደፊቱን ወለድ ሳይተነብዩ ከ10 ሚሊዮኑ የመነሳቱ አቋራጭ ሁልጊዜ አይሠራም። ተለዋዋጩ ወገን ከሶፈር በላይ ጭማሪ፣ ለምሳሌ 0.25 በመቶ፣ የሚከፍል ከሆነ በየዓመቱ የሚመጣው 25,000 ዶላር ለብቻው ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ መደመር አለበት። ወለዱ የሚሰላበት ተመንና ክፍያው ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለስበት ተመን የተለያዩ ሲሆኑ ደግሞ 10 ሚሊዮን የሚለው መነሻ ይፈርሳል፤ ያኔ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ክፍያ ከገበያው የወደፊት ተመኖች እየወሰዱ አንድ በአንድ ማስላት ግድ ነው።