ፕሮቲን ሲሠራ ስህተቱን ማን ይይዘዋል? ከጎንደሩ የካላዛር መርፌ ወደ ራይቦዞም

ከጎንደር ደጋ ወረዳዎች ብዙ ወጣት በየዓመቱ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳል። እዚያ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። አንዳንዱ ወራት ቆይቶ ትኩሳት አልለቀው ይላል፣ ይከሳል፣ ጣፊያው ያብጣል። ካላዛር ማለት ይኸው ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የቆመ የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ። በምሥራቅ አፍሪካ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ዋናው ሕክምና ሁለት መድኃኒቶችን አንድ ላይ ለ17 ቀን መውጋት ነው፦ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን።

ሁለተኛው መድኃኒት የሚቀመጠው ሴሉ ፕሮቲን በሚሠራበት ራይቦዞም ላይ ነው። ከራይቦዞም ላይም ደግሞ የዘረመል ፊደል ትክክል መነበቡ የሚረጋገጥባትን ጠባብ ቦታ መርጦ ይይዛል። ስለዚህ መርፌው ምን እንደሚያበላሽ ለመረዳት መጀመሪያ ያልተበላሸው እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፕሮቲኑ ትእዛዝ የጂን ግልባጭ በሆነው ኤምአርኤንኤ ላይ፣ A፣ U፣ G እና C በሚባሉ ፊደሎች፣ ሦስት ሦስት ፊደል እየሆነ ተጽፏል። እያንዳንዱ ሦስት ፊደል ኮዶን ይባላል። ትእዛዙን የሚያስፈጽመው ቲአርኤንኤ ነው። በአንድ ጫፉ አሚኖ አሲድ ይሸከማል፤ በሌላው ጫፉ ከኮዶኑ ጋር የሚገጥም አንቲኮዶን አለው። እንግዲህ ስህተት በሁለት በር ሊገባ ይችላል። ወይ ቲአርኤንኤው የማይገባውን አሚኖ አሲድ ተጭኖ ይመጣል፣ ወይ ደግሞ ጭነቱ ትክክል ሆኖ የማይገባው ኮዶን ላይ ይቆማል።

ብዙ ሰው ራይቦዞም ሁለቱንም የሚያይ ይመስለዋል። አያይም። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 በተሠራ አንድ ብልህ ሙከራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በራሱ ቲአርኤንኤ ላይ ካስጫኑ በኋላ፣ በኬሚካል ሰልፈሩን ነቅለው ወደ አላኒን ለወጡት። ቲአርኤንኤው ያው የሲስቲን ነው፤ ጭነቱ ግን አላኒን ሆነ። ራይቦዞሙም ሲስቲን መግባት በነበረበት ቦታ አላኒኑን ዝም ብሎ አስገባው። ጭነቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ሌላ አካል መኖር አለበት ማለት ነው።

ያ አካል አሚኖአሲል ቲአርኤንኤ ሲንቴቴዝ የሚባለው የኢንዛይም ቤተሰብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ አንድ አለው። ሥራው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ለሴሉ ኃይል የሚሰጠውን ኤቲፒ አውጥቶ አሚኖ አሲዱን ያነቃዋል። ቀጥሎ የነቃውን አሚኖ አሲድ CCA ተብሎ በሚጻፈው የቲአርኤንኤ ጫፍ ላይ ያስረዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ጭንቅ ያለበት የአይሶሉሲን ሲንቴቴዝ ነው። አይሶሉሲንና ቫሊን መንታ ሊባሉ ምንም አይቀራቸውም። ልዩነታቸው አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጂን ብቻ ነው። ከአይሶሉሲን የሚተልቅ አሚኖ አሲድ ከኢንዛይሙ ኪስ አይገባም፣ እሱን መከልከል ቀላል ነው። ቫሊን ግን ትንሽ ነው። ትንሽን ነገር ለትልቅ ከተሠራ ኪስ ማስቀረት እንዴት ይቻላል? ሊነስ ፖሊንግ ገና በ1950ዎቹ ያነሳው ችግር ይኸው ነበር። በእርግጥም ቫሊኑ በግምት ከ200 አንዴ ሾልኮ ይነቃል። በተሠራው ፕሮቲን ውስጥ ሲለካ ግን ቫሊን አይሶሉሲንን ተክቶ የተገኘው ከ3,000 አንድ ገደማ ነበር። መሀል ላይ የሚያስተካክል አለ።

አለን ፈርሽት እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረበው መልስ ድርብ ወንፊት ይባላል። ዱቄትን በሁለት ወንፊት እንደመንፋት ነው፣ የሁለተኛው አሠራር የተገላቢጦሽ ከመሆኑ በቀር። የመጀመሪያው ወንፊት የሚጭነው ኪስ ነው፤ ትልቁን ይመልሳል። ሁለተኛው እዚያው ኢንዛይም ላይ ከሦስት ናኖሜትር በላይ ርቆ ያለ ሌላ ኪስ ነው። እዚህ አይሶሉሲን አይገባም፣ ቫሊን ግን ይገባል። የገባ ሁሉ ይቆረጣል። የቲአርኤንኤው ጫፍ ጭነቱን ይዞ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ይታጠፋል። ቫሊን ከያዘ ይራገፍና ሥራው እንደገና ይጀመራል፣ የወጣውም ኤቲፒ ይባክናል። ሴሉ ይህን ኪሳራ አውቆ ይከፍለዋል።

ባይከፍልስ? በአይጥ ላይ ታይቷል። የአላኒን ሲንቴቴዝ የማረም ችሎታው በጥቂቱ ብቻ የቀነሰበት ዝርያ አለ። ሴሪን አንዳንዴ በአላኒን ቲአርኤንኤ ላይ ተጭኖ ያልፋል። በትንሹ አንጎል ውስጥ ያሉት የፑርኪንየ ሴሎች በተጣመሙ ፕሮቲኖች ተጨናንቀው ይሞታሉ፣ አይጡም እየተንገዳገደ ይሄዳል። ጉድለቱ ትንሽ፣ ጣጣው ግን ትልቅ ነው።

አሁን በትክክል የተጫነው ቲአርኤንኤ ወደ ራይቦዞም ይምጣ። ብቻውን አይመጣም። በባክቴሪያ ኢኤፍ-ቲዩ የሚባል ፕሮቲን፣ እንደ ኤቲፒ ኃይል የሚሰጠውን ጂቲፒ ይዞ ያደርሰዋል። አንቲኮዶኑ ኮዶኑን ይሞክራል፤ ካልገጠመ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ወድቆ ይሄዳል። ከገጠመ ጂቲፒው ይሰነጠቃል፣ አምጪውም ፕሮቲን ይለቀዋል። ቲአርኤንኤው ግን ገና አላለፈም። ወደ ውስጥ ተጠምዞ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ አንዴ ደግሞ የመውደቅ ዕድል አለው። ጆን ሆፕፊልድ በ1974፣ ዣክ ኒኒዮ ደግሞ በ1975 ለየብቻ ያሳዩት የዚህን ትርጉም ነው። ጂቲፒው ከተሰነጠቀ ወደኋላ መመለስ ስለማይቻል፣ ሁለቱ ፈተናዎች አንዱ በሌላው ይባዛሉ። እያንዳንዳቸው ከ100 አንድ ስህተት ቢያሳልፉ፣ ሁለቱን የሚያልፈው ከ10,000 አንድ ነው።

ቁጥሩ ምን እንደሚያመጣ በ300 አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ላይ እናስላው። ስህተቱ ከ10,000 አንድ ከሆነ፣ ከሚሠሩት ፕሮቲኖች 97 በመቶው አንድም እንከን የላቸውም። ከ1,000 አንድ ሲሆን 74 በመቶው። ከ100 አንድ ከሆነ ግን እንከን የለሹ 5 በመቶ ብቻ ነው። በሴል ውስጥ የሚለካው የራይቦዞም ስህተት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ በሁለቱ መካከል ነው።

ራይቦዞም መግጠሙን በምን ያውቃል? በራሱ አርኤንኤ ላይ ባሉ ሦስት ፊደሎች። በባክቴሪያ አቆጣጠር A1492፣ A1493 እና G530 ይባላሉ። ትክክለኛ ቲአርኤንኤ ሲመጣ ሁለቱ A-ዎች ከተደበቁበት ወደ ውጭ ይገለበጣሉ። A1493 የመጀመሪያውን ጥንድ ፊደል፣ A1492 ከG530 ጋር ሆኖ ሁለተኛውን ይዳስሳል። የሚዳስሱት ቅርጹን ነው። ትክክለኛ ጥንድ፣ A ከU ወይም G ከC፣ ቅርጹ አንድ ነው። የተሳሳተ ጥንድ ቅርጹ ስለሚዛባ አይመቻቸውም። ከተመቻቸው ትንሹ የራይቦዞም ክፍል ይዘጋና ሥራው ይቀጥላል። የቬንካትራማን ራማክሪሽናን ቡድን ይህን በ2001 በክሪስታል ምስል አሳይቷል።

ሦስተኛው ጥንድስ? እዚያ ቁጥጥሩ ላላ ያለ ነው። ፍራንሲስ ክሪክ ይህን ቀድሞ በ1966 ገምቶ ዎብል ብሎታል። በሦስተኛው ቦታ G ከC ጋር ብቻ ሳይሆን ከU ጋርም መጣመር ይችላል። ኢኖሲን የተባለው የተለወጠ ፊደል ደግሞ ከU፣ ከC እና ከA ጋር ይጣመራል። በዚህ ምክንያት አሚኖ አሲድ የሚያስገቡትን 61 ኮዶኖች ለማንበብ 61 ዓይነት አንቲኮዶን አያስፈልግም።

እዚሁ አይሶሉሲን ላይ እንቆይ። ኮዶኖቹ AUU፣ AUC እና AUA ናቸው። አራተኛው ጎረቤት AUG ግን የሜቲዮኒን ነው። GAU የሚል አንቲኮዶን ያለው ቲአርኤንኤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በዎብል ያነባል፤ የአንቲኮዶኑ የመጀመሪያ ፊደል የሚገጥመው ከኮዶኑ ሦስተኛ ፊደል ጋር ነውና። ጣጣው AUA ላይ ነው። በUAU እናንብበው ቢባል፣ U ከG ጋርም ስለሚጣመር የሜቲዮኒኑን AUG ሊቀማ ይችላል። ዎብል እዚህ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

የብዙ ባክቴሪያዎች መላ አስገራሚ ነው፣ ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝም እሱ ነው። CAU አንቲኮዶን ያለው ቲአርኤንኤ ይወስዳሉ። እንደዚያው ቢተው AUG-ን ያነብ ነበር። ከዚያ ቲልኤስ የተባለ ኢንዛይም በዚያች C ላይ ላይሲን ይለጥፍባታል። የተለጠፈባት C ከG ጋር መጣመሯን ትታ ከA ጋር ትጣመራለች፣ ስለዚህ AUA ብቻ ይነበባል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከመለጠፉ በፊት ይህን ቲአርኤንኤ የሚጭነው የሜቲዮኒን ሲንቴቴዝ ነበር። ከተለጠፈ በኋላ እሱ ይተወዋል፣ የአይሶሉሲኑ ይይዘዋል። አንድ ለውጥ ንባቡንም ጭነቱንም በአንዴ አዛወረ። የሰው ሴል በሌላ መንገድ ሄዷል፤ ኢኖሲን ባለው አንቲኮዶን ሦስቱንም የአይሶሉሲን ኮዶኖች ያነባል፣ ኢኖሲን ከG ጋር ስለማይጣመርም AUG አይነካም።

ወደ መርፌው እንመለስ። ፓሮሞማይሲን A1492 እና A1493 በሚያርፉበት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። ትክክለኛ ቲአርኤንኤ ባይመጣም እንደመጣ ያህል ተገልብጠው ይቆያሉ። ፈታኙ ከወዲሁ «አልፏል» ብሎ እንደተቀመጠ ነው፤ ለጥቂት የማይገጥም ቲአርኤንኤ ሁሉ ይሾልካል። በባክቴሪያ ይህ በደንብ ተጠንቷል። ካላዛርን በሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ በሊሽማኒያም መድኃኒቱ በዚሁ ቦታ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የራይቦዞም ምስል ታይቷል፤ ጥገኛውን ለመግደል ግን ሌሎች ጉዳቶችም እንደሚያግዙ ይታሰባል።

የተሳሳተ ንባብ በቤተ ሙከራ በብርሃን ይለካል። የእሳት ዝንብን ብርሃን የሚሰጠው ሉሲፈሬዝ ኢንዛይም 529ኛ ቦታው ላይ ላይሲን የግድ ይፈልጋል። ኮዶኑ ወደ ሌላ ከተቀየረ ብርሃኑ ይጠፋል። ራይቦዞሙ ተሳስቶ ላይሲን ካስገባ ግን ጭል ጭል ይላል። ፓሮሞማይሲን ሲጨመር ብርሃኑ ከፍ ይላል።

ታዲያ የታማሚው የራሱ ራይቦዞም ለምን አይበላሽም? በዚያው ጎድጓዳ አጠገብ 1491ኛው ፊደል በባክቴሪያም በሊሽማኒያም G ነው፤ ከፊቱ ካለው C ጋር በትክክል ይጣመራል። በሰው ግን A ነው፣ ጥንዱም አይገጥምም፣ መድኃኒቱም በደንብ አይጨብጥም። የልዩነቱ ትልቅ ድርሻ ያለው እዚህች አንዲት ፊደል ላይ ነው።

ከዚህ የማይድን ክፍል ግን አለ። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ራይቦዞም አለው። በአንዳንድ ቤተሰብ 1555ኛው የማይቶኮንድሪያ ፊደል ከA ወደ G ተለውጦ ይወረሳል፤ ቦታው በባክቴሪያ አቆጣጠር ያው 1491 ነው። የጎደለው ጥንድ ይሞላና ራይቦዞሙ የባክቴሪያን ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰው የአሚኖግላይኮሳይድ መርፌ፣ ማለትም የፓሮሞማይሲንን ወገን መድኃኒት፣ ሲወጋ መስማት ሊሳነው ይችላል። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ስለሆነ፣ መርፌው ከመጀመሩ በፊት በእናት ወገን ከስትሬፕቶማይሲን ወይም ከጄንታማይሲን በኋላ ጆሮው የደነቆረ ዘመድ መኖሩን መጠየቅ ዋጋ አለው።