ሦስተኛው ረቂቅ፦ ጮክ ብሎ ስለ ማንበብና ስለ ሰው አስተያየት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጮክ ብዬ አነበብኩት። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ስለዚህ አልቋል።»

ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ ሲያነብ ከወረቀቱ ብቻ አያነብም፤ ከትዝታውም ነው የሚያነበው። ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ሲደርስ ግማሹን በቃሉ ይዞታል። የጎደለውን ቃል አፉ ራሱ ይሞላዋል። የተንዛዛውን ዐረፍተ ነገር በድምፁ ከፍና ዝቅ አድርጎ ያድነዋል። ሳይደናቀፍ መጨረሱ ጽሑፉን በደንብ እንደሚያውቀው ያሳያል። አንባቢው እንዴት እንደሚያነበው ግን አይነግረውም።

ስለዚህ አነባበቡን መለወጥ ነው። ረቂቁን ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ፕሪንት አድርጉት፤ ካልተመቸ ፎንቱንና የመስመሩን ስፋት ቀይሩት፤ ዓይን የለመደውን ገጽ እየዘለለ ነው የሚያልፈው። ሳትተውኑ፣ በተለመደው ድምፃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። እርሳስ ያዙ፤ ግን አታርሙ። ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ ላይ ጭረት፣ ተመልሳችሁ ያነበባችሁት ላይ ክብ፣ በቃ። መሃል ላይ ማረም የጀመረ ሰው ማዳመጡን ያቆማል። አፉ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ሆኖ ሐሳቡ ሁለተኛው ላይ ይቀራል።

ስልካችሁን ደግሞ ቅዳ በሉት። እኔ ከሁሉም ምልክት የበለጠ የማከብረው አለ፤ እሱም የሚገኘው ከቅጂው ነው። ወረቀቱ አንድ ነገር ይላል፣ አፋችሁ ሌላ ያነባል። ስታነቡ አይታወቃችሁም። ቅጂውን ከጽሑፉ ጋር እያስተያያችሁ ስታዳምጡ ነው የምታገኙት። ወረቀቱ «በጉዳዩ ዙሪያ ውይይት አደረግን» ይላል፤ አፋችሁ «ተነጋገርንበት» ብሎ አልፏል። ወረቀቱ «ዝናቡ በመጣል ላይ ይገኝ ነበር» ይላል፤ አፋችሁ «ዝናቡ ይጥል ነበር» ብሏል። ማንም ሳያዛችሁ የወጣው የራሳችሁ ቋንቋ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ከቢሮ ደብዳቤና ከዜና የተጋባባችሁ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ሁሉ ዘርዝሩት፤ ከአሥሩ አብዛኛው ላይ አፋችሁ ትክክል ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዳንዴ ግን አፍም ይሰንፋል። በጥንቃቄ የመረጣችሁትን ቃል ትቶ የተለመደውን ይላል። ስለዚህ አንድ በአንድ እያያችሁ ወስኑ እንጂ በጅምላ አትቀይሩ።

«ሌላ ሰው ቢያነብልኝ ምን ይጨምርልኛል? እኔው የጻፍኩት እኮ ነው።»

ጽሑፉን አይቶት የማያውቅ ሰው ትዝታ የለውም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ንጹሕ ቅጂ ስጡትና ሁለት ሦስት ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፤ አስቀድሞ እንዲያየው አትፍቀዱ። እናንተ የራሳችሁን ቅጂ ይዛችሁ የቆመበትን፣ የተመለሰበትን፣ ድምፁ የወረደበትን ምልክት አድርጉ። አፋችሁን ግን ዝጉ። «እሱን እንኳ እንዲህ ለማለት ነው» ያላችሁ ቀን ፈተናው ፈርሷል።

በአማርኛ ይህ ፈተና ሌላም ጥቅም አለው። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውን ላልቶ ከሚነበበው አይለይም። «ሰውየው ነገ ይመታል» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። «መ» ላልቶ ከተነበበ መቺው እሱ ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ የሚመታው እሱ ነው። እናንተ ማንን እንደፈለጋችሁ ስለምታውቁ መቶ ጊዜ ብታነቡት አትሳሳቱም። እንግዳው አንባቢ ግን በተሳሳተው ይገባና ሁለት ዐረፍተ ነገር ከሄደ በኋላ ግራ ተጋብቶ ይመለሳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ «ልጁን ይመታል» ወይም «በወንድሙ ይመታል» ማለት። ችግሩ ቦታውን ማግኘቱ ላይ ነው፤ ብቻውን የሚያነብ ጸሐፊ ደግሞ አያገኘውም።

«አስተያየት ጠይቄ ካላረምኩት ሰውየውን አስቸገርኩት ማለት ነው። ያለኝን ሁሉ ማስተካከል አለብኝ።»

የጸሐፊው ድምፅ፣ ማለትም የራሱ የሆነው አጻጻፍ፣ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው፤ የሚጠፋውም በክፋት ሳይሆን በይሉኝታ ነው።

አንባቢ ሁለት ነገር ይሰጣችኋል። አንደኛው የደረሰበትን ነው፦ «እዚህ ሰለቸኝ»፣ «እዚህ ጠፋብኝ»፣ «ይሄን አላመንኩትም»። በዚህ አትከራከሩት። እሱ ላይ የደረሰውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው መፍትሔው ነው፦ «ይሄን ቆርጠህ ያንን ብታስገባ»። እሱ ግን በሰውየው ጆሮ የተለካ ነው። እሱ ቢጽፈው ኖሮ የሚጽፈውን ነው የሚነግራችሁ። የመጀመሪያውን ተቀበሉ፤ ሁለተኛውን አመስግናችሁ ለራሳችሁ መዝኑት።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ጸሐፊ ስለ አባቷ እየጻፈች ነው እንበል። ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ይህ አንቀጽ አለ፦

«አባቴ ሬዲዮውን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ብሎኖቹን ክዳን ውስጥ አጠራቅሞ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ያየው ነበር። አይናገርም። እኔም አልናገርም። በዚያን ጊዜ በመካከላችን ሰፍኖ የነበረው ዝምታ እጅግ ጥልቅና ትርጉም ያለው ዝምታ ነበር።»

ለሦስት ሰዎች አስነበበች። የመጀመሪያው «የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ረዘመ፤ ቆራርጪው» አላት። ሁለተኛዋ «አንቀጹ ደስ ይላል፤ ግን መጨረሻ ላይ ቀዘቀዘብኝ» አለች። ሦስተኛው «እዚህ ጋ ስለ አባቷ ባሕርይ ትንሽ ማብራሪያ ቢጨመር» አለ። ሦስት አስተያየት፣ ሦስቱም የማይገናኙ። የሚገናኘው ቦታው ነው፤ ሦስቱም እዚሁ አንቀጽ ላይ ቆመዋል። እንግዲህ የሆነ ነገር አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ምክር በቀጥታ ብትወስድስ? «አባቴ ሬዲዮውን ፈታ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ብሎኖቹን ክዳን ውስጥ አጠራቀመ። መነጽሩን ወለወለ።» ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ስህተት የለበትም። ግን አባትየው ድንገት ችኩል ሰው ሆነ። «ፈትቶ፣ ዘርግቶ፣ አጠራቅሞ፣ ወልውሎ» እያለ ወደ መጨረሻው ግስ የሚጎትተው ሰንሰለት የሰውየውን ዝግታ የያዘው ነበር። ያ ርዝመት የእሷ ነው፤ ሌላም ቦታ እንዲህ ትጽፋለች።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንቀጹን ጮክ ብላ ስታነብ ረጅሙ ዐረፍተ ነገር ላይ ትንፋሽ አጥሯታል፤ አራቱ ድርጊቶች መሃል አንድም ነጠላ ሠረዝ የለም። አንባቢውን ያደከመው ርዝመቱ ሳይሆን ማረፊያ ማጣቱ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ድምፅዋ ወርዷል። ዝምታው በ«ዝም ብሎ» ተነግሯል፣ በ«አይናገርም» ተነግሯል፣ በ«አልናገርም» ተነግሯል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ለአራተኛ ጊዜ ይነግረናል፤ ጭራሽ «ጥልቅ» ነው ብሎ ያዘናል። የተስተካከለው እንዲህ ሆነ፦

«አባቴ ሬዲዮውን ፈትቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ብሎኖቹን ክዳን ውስጥ አጠራቅሞ፣ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ፣ ለረጅም ጊዜ ያየው ነበር። አይናገርም። እኔም አልናገርም።»

ከማንም የተዋሰችው ቃል አንድም የለም። የተጨመረው ሠረዝ ነው፤ የቀረው የእሷው ነው። የሦስቱም ቅሬታ ግን ተመልሷል። ማብራሪያ የጠየቀውም ጭምር፤ ያ ሰው የፈለገውን የአባትየውን ባሕርይ ያ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነበር የጋረደበት። ሁልጊዜ እንዲህ በመቀነስ ብቻ አያልቅም። መጨመር ግድ ሲሆን ግን የጨመራችሁትን ከፊቱና ከኋላው ካሉት አንቀጾች ጋር አያይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። የተዋሳችሁት ዐረፍተ ነገር ከሆነ እዚያ ጋ ድምፃችሁ ይቀየራል።

«ብዙ ሰው ባስነበብኩ ቁጥር ጽሑፉ ይሻላል።»

ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሰው ይበቃል። አሥር ሰው ካስነበባችሁ የማይነካ ዐረፍተ ነገር አይተርፍም፤ ሁሉን ለማስደሰት ስትሉ ማንንም የማይቆረቁር ጽሑፍ ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ከሦስቱ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ቦታው ይታያል። አንድ ሰው ብቻ ከቆመ ምልክት ያደረጋችሁበትን ወረቀት አውጡ፤ የእናንተ ጭረት ወይም ክብ እዚያው ካለ እሱም ይታያል። ከሌለ ተዉት።

ስትሰጧቸው ደግሞ «እንዴት ነው?» አይባልም። «አሪፍ ነው» ትባላላችሁ፤ አለቀ። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ላይ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ሄደ? የት ላይ ተመልሰህ አነበብክ? የቱን አላመንከውም? ጠርዙ ላይ ምልክት ብቻ እንዲያደርጉ፣ ዐረፍተ ነገር እንዳያስተካክሉ ለምኗቸው። ሁለቱ ወይም ሦስቱም «ታሪኩ የሚጀምረው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው» ካሏችሁ ግን ሦስተኛው ረቂቅ ገና ነው። ወደ አወቃቀሩ ተመለሱ፤ ሊቆረጥ የሚችል ገጽ ላይ ነጠላ ሠረዝ አትልቀሙ።

«ሰው ከነካው ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ ለማንም አላስነብብም።»

ስጋቱ ይገባኛል። ግን መከላከያው መደበቅ አይደለም፤ የራስ የሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ቅጂውን አዳምጡና ሆነ ብላችሁ የምታደርጓቸውን ነገሮች ጻፉ። «ረጅም ሰንሰለት፣ ከዚያ በሁለት ቃል መዝጋት»፤ «ንግግርን ያለ ማብራሪያ መተው»፤ ይህን የመሰለ። አምስት ስድስት መስመር ይበቃል። አስተያየት ሲመጣ ከዝርዝሩ ጋር አስተያዩት። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ከነካ፣ ያ ልማድ እዚያ ቦታ ላይ ሥራውን እየሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ከሠራ ይቆያል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ብዙ አትሟገቱለት። ድግግሞሽ፣ የተድበሰበሰ ተውላጠ ስም፣ «እጅግ በጣም» የማንም ድምፅ አይደሉም፤ ሁላችንንም የሚያመልጡን ናቸው።

«ጆሮዬ ከወደደው ሌላ ማጣሪያ አያስፈልግም።»

ጆሮ የማይሰማው ነገር አለ። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። አንድ ገጽ ላይ «ሥራ»፣ ሌላው ላይ «ስራ» ብትጽፉ ሺህ ጊዜ ጮክ ብላችሁ ብታነቡ አይያዝም። የሰው ስም አጻጻፍ፣ የዓመተ ምሕረት ቁጥር፣ የተከፈተና ያልተዘጋ ትእምርተ ጥቅስም እንደዚያው። እነዚህን በዓይን፣ ሁሉም እርማት ካለቀ በኋላ ፈልጓቸው። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ «ስራ» ብላችሁ ፈልጉና የመረጣችሁት «ሥራ» ከሆነ አንድ በአንድ እያያችሁ ቀይሩ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይር ብላችሁ ካዘዛችሁት «አስራት» የተባለው ሰው ስሙ ሳይታወቃችሁ «አሥራት» ይሆናል።