የፌዴክስ ሎጎ፦ ስለ ቀስቷ የሚባለውና እውነታው

ፌዴራል ኤክስፕረስ የተባለው የአሜሪካ ዕቃ አመላላሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ ስምና አዲስ ሎጎ ይዞ ወጣ። ሥራው የተሰጠው ለላንዶር የዲዛይን ድርጅት ሲሆን ሎጎውን የሠራው ሊንደን ሊደር ነው። ዛሬ ስለዚህ ሥራ የሚጻፈው ሁሉ በፊደላቱ መካከል ስለተደበቀችው ነጭ ቀስት ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ ምን እንደነበረና እንዴት እንደተፈታ ግን በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል።

«ሥራው የተደነቀው ቀስቷን በመደበቁ ነው»

ደንበኛው ቀስት አልጠየቀም። ይዞ የመጣው ሦስት ችግሮችን ነበር። አንደኛው ስሙ ነው። መሥራቹ ፍሬድ ስሚዝ በ1971 «ፌዴራል» የሚለውን ቃል ሲመርጥ ከአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ከፌዴራል ሪዘርቭ፣ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ነበር። ሥራው አልተገኘም፤ ስሙ ግን ቀረ። ከሃያ ዓመት በኋላ ቃሉ ፈጣን አድራሽን ሳይሆን የመንግሥት ቢሮን የሚያስታውስ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው፣ ኩባንያው በዓለም ዙሪያ መሥራት ስለጀመረ ረጅሙ ስም እንግሊዝኛ ለማይናገር ሰው አፍ የማይመች ሆነ። ሦስተኛው የሎጎው አቀማመጥ ነው፤ ሁለቱ ቃላት አንዱ ከሌላው በታች ሆነው በሰያፍ ወደ ላይ ይወጡ ነበር።

ሰያፍ ጽሑፍ ወረቀት ላይ የእንቅስቃሴ ስሜት ይሰጣል። መኪና ላይ ግን ቦታ ያባክናል። የጭነት መኪና ጎን ረጅም አራት ማዕዘን ነው፤ ጽሑፉን ያዘነበልከው ለት ከላይ በግራና ከታች በቀኝ ያለው ማዕዘን ባዶ ይቀራል፤ ጽሑፉም ከጠርዝ እንዳይወጣ መጠኑን መቀነስ ግድ ይሆናል። ለዚህ ኩባንያ ደግሞ ትልቁ ማስታወቂያው በየመንገዱ የሚዞረው መኪናው ነው።

«ስም ማሳጠር የዲዛይነር ሥራ አይደለም»

እዚህ ግን መፍትሔው ግማሹ እሱ ነው። አዲስ ስም መፍጠርም አላስፈለገም፤ ደንበኞች ራሳቸው ኩባንያውን «ፌዴክስ» እያሉ ይጠሩት፣ እንደ ግስም ይጠቀሙበት ነበር። ዲዛይነሮቹ ሰው አፍ ላይ ያለውን ስም መኪናው ላይ ጻፉት።

ትርፉ በሒሳብ ይታያል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የድሮው ስም 14 ፊደል፣ አዲሱ 5 ፊደል ነው። ሁለቱም በአንድ መስመር ቀጥ ብለው 5 ሜትር ርዝመት ላይ ይጻፉ ብንል፣ ለድሮው ከነክፍተቱ ለአንድ ፊደል 33 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ለአዲሱ 1 ሜትር ይደርሳል። የፊደል ቁመት ከስፋቱ ጋር አብሮ ስለሚያድግ አዲሱ ጽሑፍ ሦስት እጥፍ ያህል ይገዝፋል፣ ከዚያው እጥፍ በሚሆን ርቀትም ይነበባል። የፊደላቱ ስፋት እኩል ስላልሆነ ቁጥሩ ግምት ነው፤ የልዩነቱ መጠን ግን አያጠራጥርም።

አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ፌዴራል ኤክስፕረስ ኮርፖሬሽን የሚለው ሕጋዊ ስም አልጠፋም። የተለወጠው ሕዝብ የሚያየው ስም ነው። ስም እናሳጥር ሲባል የሚደነግጥ ደንበኛ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ሕጋዊ ምዝገባውን ስለሆነ፣ ሁለቱን ለይቶ ማስረዳት ጠብ ያበርዳል።

«ያው አንድ ፎንት መርጦ መጻፍ ነው፤ ቀስቷም በአጋጣሚ ወጣች»

ሊደር ዩኒቨርስ 67ንና ፉቱራ ቦልድን ይዞ ሲሠራ ቀስት የምትመስል ነገር ታየችው። ነገር ግን አንዱንም ፎንት እንዳለ ቢጠቀም ቀስቷ አትስተካከልም፤ በግድ ቢጎትተው ደግሞ ፊደላቱ ይጣመማሉ። ስለዚህ የሁለቱን ባሕርይ አዋህዶ ፊደላቱን እንደገና ሣላቸው። ጭንቁ የነበረው የትንሹ ኤክስ ቁመት ላይ ነው።

ቀስቷ የምትወጣው ከትልቁ ኢ እና ከትንሹ ኤክስ መካከል ነው። ዘንጓ በኢ መካከለኛና ታችኛ ክንዶች መካከል ያለው ነጭ ክፍተት ነው። ጫፏን የሚሠራው በክንዶቹ መጨረሻና በኤክስ ግራ እግሮች መካከል የሚቀረው ሦስት ማዕዘን ነው። ቀስቷ ቀጥ እንድትል የዘንጉ መካከልና የኤክስ እግሮች የሚቆራረጡበት ነጥብ እኩል ከፍታ ላይ መዋል አለባቸው።

ለማስረጃ የኢን ቁመት 100፣ የእያንዳንዱን ክንድ ውፍረት 20 እናድርግ (ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው)። ሦስቱ ክንዶች 60 ይወስዳሉ፤ የቀረው 40 ለሁለት ክፍተቶች ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ 20። ከሥር ስንቆጥር ታችኛው ክንድ ከ0 እስከ 20፣ ክፍተቱ ከ20 እስከ 40፣ መካከለኛው ክንድ ከ40 እስከ 60 ነው። የዘንጉ መካከል 30 ላይ ነው። ኤክስ የሚቆራረጠው በቁመቱ ግማሽ ላይ ስለሆነ፣ 30 ላይ እንዲሆን ቁመቱ 60 መሆን አለበት። 60 ደግሞ የመካከለኛው ክንድ የላይ ጠርዝ ነው። የኤክስ ራስ ከኢ መካከለኛ ክንድ ጋር እኩል እንዲቆም የተደረገው ለዚህ ነው። ቁመቱ 50 ቢሆን መቆራረጫው 25 ላይ ያርፋል፣ የቀስቷ ጫፍም ከዘንጓ ወደ ታች ያዘነብላል።

ሁለተኛው መበላሻ ርቀት ነው። የኤክስ ግራ ጫፎች ከኢ ክንዶች ጋር ካልተገናኙ ነጩ ከላይና ከታች ይፈስሳል፣ ሦስት ማዕዘኑም አይዘጋም። ቀላል መፈተሻ አለ፦ ሎጎውን በጥቁር አትመህ ነጩን ክፍል ብቻ በእርሳስ ዙሪያውን ተከተል። እርሳሱ ሳይቋረጥ የጀመረበት ከተመለሰ ቅርጹ ተዘግቷል።

«ቀስቷ እንዲህ ጥሩ ከሆነች ለምን ጎልታ እንድትታይ አላደረጓትም?»

የኩባንያው የሕዝብ ግንኙነት አማካሪዎች ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ በሌላ ቀለም ትሞላ አሉ። ላንዶር እምቢ አለ፣ ልክም ነበር። ቀስቷ ቀለም ስታገኝ ክፍተት መሆኗ ይቀርና ስድስተኛ ምልክት ትሆናለች፤ ዓይንም ስሙን ሳያነብ እሷ ላይ ያርፋል። በዕቃ አመላላሽ ኩባንያዎች ዘንድ ቀስት ደግሞ በየመኪናው የሚገኝ ተራ ነገር ነው።

ሌላም ገደብ አለ። በላይኛው ልኬት ኢ 2 ሚሊሜትር ቁመት ሲኖረው ዘንጉ 0.4 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በሻካራ ወረቀት ላይ ቀለሙ ተንሰራፍቶ ሊውጠው ይችላል። ያኔ ቀስቷ ብትጠፋም ስሙ ይነበባል። ሎጎው ቀስቷ ላይ የቆመ ቢሆን ኖሮ በትንንሽ ሕትመት ሁሉ ይበላሽ ነበር።

ሐሳቡ ሲቀርብም ላንዶሮች ስለ ቀስቷ አልተናገሩም፤ ስሚዝ ራሱ አያት ይባላል።

«ሎጎው ካለቀ ብራንዱ አለቀ»

አላለቀም። ኩባንያው በኋላ የሥራ ዘርፎቹን ሲለይ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፊደላት በሐምራዊ ትቶ የመጨረሻዎቹን ሁለት ብቻ ለወጠ፤ ለአየር ብርቱካናማ፣ ለየብስ አረንጓዴ፣ ለከባድ ጭነት ቀይ። ይህን ያስቻለው ስሙ ከሁለት ቁራጭ መሠራቱ ነው። ሥራውን ለሌሎች የሚያቀርብ ዲዛይነር ከቀስቷ በፊት ይህንን፣ መኪናውንና የድሮውን ሰያፍ ሎጎ ጎን ለጎን ማሳየት ይኖርበታል፤ ደንበኛ የሚከፍለው ለእነሱ ነውና።